ሁለተኛው ግድግዳ፦ በጉድጓድ የታሰረ ኤሌክትሮን ኢነርጂው ለምን የተነጣጠለ ሆነ?

ጥያቄ፦ «ደሴ የምማር የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ፈጽሞ በማይታለፉ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለ ኤሌክትሮን E₁፣ E₂፣ E₃ እየተባሉ የሚቆጠሩ ኢነርጂዎች ብቻ እንደሚኖሩት ተምረናል። ቀመሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምክንያቱ ግን አልገባኝም። በሁለቱ መካከል ያለውን ኢነርጂ፣ ለምሳሌ 0.8 ኤሌክትሮን ቮልትን፣ የሚከለክለው ምንድን ነው? ቅንጣቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው? አብሮኝ የሚያጠናው ልጅ ደግሞ ከሃይዘንበርግ መርህ የመጣ ነው ይላል።»

ምላሽ፦ የቅንጣቱ ትንሽነት ምክንያቱ አይደለም፤ የሃይዘንበርግ መርህም ብቻውን ይህን ውጤት አያስገኝም። ያው ኤሌክትሮን ምንም ሳያግደው በባዶ ቦታ ሲጓዝ የፈለገውን ያህል ኢነርጂ ሊኖረው ይችላል። ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው እኩልታም በራሱ ኢነርጂን አይመርጥም፤ 0.8 ቢሰጡት ለ0.8 መፍትሔ ያወጣል፣ 0.81 ቢሰጡትም እንዲሁ። ስለዚህ «ኳንተም ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ መልስ አይደለም። ኢነርጂውን የሚነጣጥለው መታሰሩ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ግድግዳ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማሳየው ይህንኑ ነው።

የግራውን ግድግዳ በ x = 0፣ የቀኙን በ x = L ላይ እናቁም። በመካከላቸው በኤሌክትሮኑ ላይ የሚሠራ ምንም ጉልበት ስለሌለ፣ እኩልታው ψ″ = −k²ψ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ψ የኤሌክትሮኑ የሞገድ ፋንክሽን፣ k ደግሞ √(2mE)/ħ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን እንዳዩ «ሳይን እና ኮሳይን» ብለው ይቸኩላሉ፤ እኔ ግን እኩልታው በቃል የሚናገረውን ቆም ብለው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የሚናገረው ስለ መጉበጥ ነው። ψ ከአግድም መስመሩ በላይ ሲሆን ወደ ታች፣ በታች ሲሆን ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ማለትም ሁልጊዜ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ኢነርጂው በጨመረ ቁጥር k ያድጋል፣ መጉበጡም ይበረታል፣ ሞገዱም በአጭር ርቀት ውስጥ ደጋግሞ መስመሩን ያቋርጣል። ኢነርጂ ማለት እዚህ ቦታ የሞገዱ የመጉበጥ ፍጥነት ነው ብለው ቢይዙት የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ከግድግዳዎቹ ውጭ ኤሌክትሮኑ ፈጽሞ ሊገኝ ስለማይችል ψ ዜሮ ነው። የሞገድ ፋንክሽን ደግሞ በአንድ ነጥብ ላይ ድንገት ሊበጠስ አይችልም። ስለዚህ ከውስጥ የሚመጣው ψ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ዜሮ ሆኖ ከውጭው ዜሮ ጋር መግጠም አለበት፤ ψ(0) = 0 እና ψ(L) = 0 የሚባሉት ሁለቱ የወሰን ሁኔታዎች ከዚህ የመጡ ናቸው። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፦ በማይታለፍ ግድግዳ ላይ የመስመሩ ዘንበል፣ ማለትም ψ′፣ እንዲገጥም አይጠየቅም። ዘንበሉም መግጠም አለበት ብሎ የተነሳ ተማሪ ψ በሁሉም ቦታ ዜሮ ነው ወደሚል ውጤት ይደርስና የት እንደሳተ ሳያውቅ ይቀራል።

አሁን ከግራው ግድግዳ ተነስተን ወደ ቀኝ እንሂድ። መነሻችን ላይ ψ ዜሮ መሆኑ የታወቀ ነው። ለመጀመር የምንመርጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ሞገዱ ከግድግዳው ሲነሳ የሚኖረው ዘንበል፣ ሁለተኛው ኢነርጂው። ሁለቱን ከመረጥን በኋላ የሚቀር ነፃነት የለም፤ እኩልታው ራሱ ሞገዱን ነጥብ በነጥብ እየመራ እስከ ቀኙ ግድግዳ ያደርሰዋል። የሚደርሰው ψ = A sin(kx) ሆኖ ነው። ወሳኙ ጥያቄ እዚያ ሲደርስ ዜሮ ላይ ያርፋል ወይስ አያርፍም የሚለው ነው።

እርስዎ በጠቀሱት ቁጥር እንሞክረው። የጉድጓዱ ስፋት 1 ናኖሜትር ይሁን። ለኤሌክትሮን E₁ = h²/(8mL²) ሲሰላ 0.376 ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል፤ E₂ አራት እጥፉ፣ 1.504 ነው። ሞገዱ በቀኙ ግድግዳ ላይ የሚኖረውን ከፍታ በአንድ መስመር ማስላት ይቻላል፦

ψ(L) = A sin(180° × √(E/E₁))

E = 0.8 ብንል፣ ለ0.376 ሲካፈል 2.128፣ ካሬ ሥሩ 1.459፣ በ180° ሲባዛ 262.6° ይሆናል፤ የዚህ ሳይን −0.99 ነው። ሞገዱ ግድግዳው ላይ የደረሰው ከመስመሩ በታች ዝቅ ሊል የሚችለውን ያህል ዝቅ ብሎ ነው ማለት ይቻላል። ከግድግዳው ውጭ ግን ዜሮ እየጠበቀው ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

እናስተካክለው ብንል ምን በእጃችን አለ? የመነሻውን ዘንበል ብንቀይር፣ ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ይጎላል ወይም ያንሳል እንጂ መስመሩን የሚያቋርጥባቸው ነጥቦች ከቦታቸው አይነቃነቁም። −0.99 ወደ −1.98 ወይም ወደ −0.1 ይለወጣል፤ ዜሮ የሚሆነው A ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፣ ያ ከሆነ ደግሞ በጉድጓዱ ውስጥ ኤሌክትሮን የለም ማለት ነው። ኮሳይን ጨምረን ሞገዱን ወደ ጎን ብናንሸራትተው በቀኝ በኩል ልናስገጥመው እንችላለን፤ ግን ወዲያው የግራው ይፈታል። ስለዚህ የቀኙን ግድግዳ ለማርካት የቀረን ኢነርጂው ብቻ ነው። ወደ 1.45 ከፍ ስናደርገው ሳይኑ −0.11 ይሆናል፤ ቀርቧል፣ ሆኖም አልደረሰም፣ በዚህ ቦታ መቅረብ ደግሞ ዋጋ የለውም። 1.504 ላይ ማዕዘኑ 360° ይሆናል፣ ሞገዱም ዜሮ ላይ ያርፋል። ከዚያ አልፈን ትንሽ ብንጨምር እንደገና ይስታል፤ 3.384 እስክንደርስ ድረስ ሌላ የሚገጥም የለም።

ይህን በሒሳብ ቋንቋ ለመናገር ያልታወቁትን እና የተጠየቁትን መቁጠር ይበቃል። ያልታወቁት ሦስት ናቸው፦ የሳይኑ መጠን፣ የኮሳይኑ መጠን እና ኢነርጂው። የተጠየቁትም ሦስት ናቸው። የግራው ግድግዳ ኮሳይኑን ያስወግዳል። ኤሌክትሮኑ በጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ቦታ መገኘቱ እርግጥ ስለሆነ ጠቅላላ ዕድሉ 1 መሆን አለበት፣ ይህም የሳይኑን መጠን √(2/L) ላይ ይቆርጠዋል። ለቀኙ ግድግዳ እንግዲህ ከኢነርጂው በቀር የሚሰጠው አልተረፈም። kL = nπ የሚለው መስመር፣ ከእሱም የሚወጣው Eₙ = n²h²/(8mL²)፣ የዚህ ቆጠራ ውጤት ነው። የቀኙን ግድግዳ አንስተን የግራውን ብቻ ብናስቀር፣ ከቀኝ መጥቶ ተመልሶ የሚሄድ ኤሌክትሮን ይኖረናል፤ ለእሱ sin(kx) ለየትኛውም k ይስማማል፣ ኢነርጂውም ያለ ክፍተት ይቀጥላል። አንዱ ግድግዳ ሞገዱ ከየት እንደሚነሳ ብቻ ይወስናል፤ ሁለተኛው ነው ኢነርጂን የሚመርጠው።

ዜሮ እና ከዜሮ በታች ያለ ኢነርጂስ ለምን የለም? መልሱ ከመጉበጡ ይገኛል። E = 0 ከሆነ ψ አይጎብጥም፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ከዜሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ወደ ዜሮ አይመለስም። E ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ψ ወደ መስመሩ ከመጉበጥ ይልቅ ከመስመሩ እየሸሸ ይጎብጣል፣ መመለሱም ይብሱን የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ ቆጠራው ከ n = 1 ይጀምራል። n = −2 የሚባለውም ከ n = 2 የሚለየው በምልክት ብቻ በመሆኑ ያው አንዱ ሁኔታ ነው፤ ሁለቴ አይቆጠርም።

በባቲ እና በአምባሰል ቅኝት አገር ያደገ ተማሪ ይህን ነገር በክራር ክር ማሰቡ አይቀርም፤ ትክክልም ነው፣ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ክሩ ላይና ታች ታስሯል፣ ስለዚህ በርዝመቱ ውስጥ ግማሽ ሞገድ፣ ሁለት ግማሽ፣ ሦስት ግማሽ እንጂ አንድ ተኩል ግማሽ ሞገድ አይቆምበትም። እስከዚህ ድረስ ክሩ እና ኤሌክትሮኑ አንድ ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን በሁለት ነገር ይለያያሉ። የመጀመሪያው፣ የክሩ ድምፆች ድግግሞሽ እንደ 1፣ 2፣ 3 ሲያድግ የኤሌክትሮኑ ኢነርጂ እንደ 1፣ 4፣ 9 ያድጋል፤ ሞመንተሙ ከ n ጋር እኩል እያደገ ኢነርጂው ከሞመንተሙ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ነው። ሁለተኛው እና በፈተና ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው፣ የክሩ ኢነርጂ የተነጣጠለ አለመሆኑ ነው። ያንኑ ድምፅ በርትቶ በመምታት ወይም በቀስታ በመንካት ኢነርጂውን እንደልብ ማብዛትና መቀነስ ይቻላል። ለኤሌክትሮኑ ግን የሞገዱ መጉላት ኢነርጂ አይደለም፤ መጉላቱ ጠቅላላ ዕድሉ 1 በመሆኑ አስቀድሞ ተቆርጧል። ክራሩ የሚያስተምረን የሞገዱ ርዝመት ለምን እንደሚነጣጠል ነው፤ ኢነርጂው ለምን እንደሚነጣጠል ለመረዳት ከዚያ ላይ የሞገድ ርዝመትን ከሞመንተም ጋር የሚያገናኘውን p = h/λ መጨመር ያስፈልጋል።

አንድ አስፈላጊ ማረሚያ አለ። «ኤሌክትሮኑ 0.8 ሊኖረው አይችልም» የሚለው አባባል በጥንቃቄ ካልተነገረ ስህተት ይሆናል። የማይቻለው፣ ኢነርጂው በትክክል 0.8 የሆነ ሁኔታ ነው። የ E₁ እና የ E₂ ሞገዶች ተደምረው የተሠራ ሁኔታ ግን ሙሉ በሙሉ የተፈቀደ ነው፤ ሁለቱም ግድግዳዎቹ ላይ ዜሮ ስለሆኑ ድምራቸውም ዜሮ ነው። የመጀመሪያው 62 በመቶ፣ ሁለተኛው 38 በመቶ ዕድል እንዲኖራቸው አድርገን ብንደምራቸው አማካይ ኢነርጂው 0.8 ገደማ ይመጣል። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ የተዘጋጁ 1,000 ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ብንለካ፣ 620 ያህሉ 0.376፣ 380 ያህሉ 1.504 ይሰጣሉ እንጂ አንዱም 0.8 አይሰጥም። እንዲህ ያለ ድምር ከጊዜ ጋር ይለዋወጣል፤ ኤሌክትሮኑ የሚገኝበት ዕድል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሰከንድ 2.7 × 10¹⁴ ጊዜ ያህል ይዋልላል፣ ይህም የሁለቱ ኢነርጂዎች ልዩነት ለ h ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የማይዋልለው፣ ባለበት የሚጸናው፣ አንድ ኢነርጂ ብቻ ያለው ሁኔታ ነው።

ወደ ጓደኛዎ ሐሳብ እንምጣ። የሃይዘንበርግ መርህ የሚለው፣ ቦታው በ L ውስጥ የተወሰነ ቅንጣት ሞመንተሙ ዜሮ ብቻ ሆኖ ሊቆም አይችልም ነው። ከዚህ ተነስቶ ዝቅተኛው ኢነርጂ ከዜሮ በላይ መሆን እንዳለበት፣ በግምትም ስንት ያህል እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ ይህ ጠቃሚ ነገር ነው። ከወለሉ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ይሁን ወይስ ዳገት ይሁን ግን መርሁ አይናገርም። 0.8 ከ0.376 በላይ ነውና በሃይዘንበርግ በኩል ምንም ችግር የለበትም። የሚጥለው የቀኙ ግድግዳ ብቻ ነው። ጓደኛዎ የወለሉን ምክንያት ለደረጃዎቹ ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

ስለ ትንሽነቱም እንዲሁ። 1 ግራም የምትመዝን ጠጠር በ10 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ውስጥ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ብትጓዝ፣ ያው ቀመር ይሠራባታል፤ n = 2Lmv/h ሲሰላ 3 × 10²⁷ ገደማ ይመጣል። በዚያ ቁጥር ላይ የአንዱ ደረጃ ከሚቀጥለው ያለው ልዩነት ከጠቅላላው ኢነርጂ አንጻር 2/n ስለሆነ፣ በየትኛውም መሣሪያ አይለይም። ደረጃዎቹ አልጠፉም፤ ተጠጋግተው ዳገት መስለዋል። ትንሽነት ደረጃዎቹን አይፈጥርም፣ እንዲታዩ ያደርጋል እንጂ።

የዚህ ምሳሌ ወሰን ግድግዳው ነው፤ ፈጽሞ የማይታለፍ ግድግዳ በተፈጥሮ የለም። የግድግዳው ከፍታ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን፣ ሞገዱ ጥቂት ወደ ግድግዳው ውስጥ ዘልቆ እየከሰመ ይጠፋል፣ ጉድጓዱ ሰፋ ያለ ያህል ስለሚሆን E₁ ከ0.376 ወደ 0.30 ገደማ ይወርዳል። ከ10 በታች ያሉት ኢነርጂዎች ግን አሁንም የተነጣጠሉ ናቸው፤ ምክንያቱም በቀኙ ግድግዳ ውስጥ እየከሰመ የሚሄደው ለተወሰኑ ኢነርጂዎች ብቻ ሲሆን፣ ለሌሎቹ ሁሉ ሞገዱ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያለ ልክ ያመልጣል። ከ10 በላይ ሲሆን ኤሌክትሮኑ አልታሰረም፤ ኢነርጂውም ያለ ክፍተት ይቀጥላል። ቀመሩን Eₙ = n²h²/(8mL²) በዚህ ጊዜ መጠቀም ስህተት ነው፤ አመክንዮው ግን እንዳለ ይሠራል።

ስለዚህ የምመክርዎ አንድ ነገር ነው፦ ቀመሩን ለጊዜው ዘግተው፣ ለ0.2፣ ለ0.376፣ ለ0.8 እና ለ1.504 ኤሌክትሮን ቮልት ሞገዱን ከግራው ግድግዳ አስነስተው በወረቀት ላይ በእጅዎ ይሳሉት፤ የቀኙ ጫፍ ከፍታ ከላይ ካለው መስመር በካልኩሌተር ይገኛል። ትክክል መሳልዎን የሚያውቁት በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል መስመሩ የሚቋረጥበትን በመቁጠር ነው፤ n-ኛው ሁኔታ በውስጥ n − 1 ጊዜ ብቻ ያቋርጣል፣ ግድግዳዎቹ አይቆጠሩም። ከዚያ በኋላ ስፋቱን ወደ 0.5 ናኖሜትር አጥበው የመጀመሪያውን ኢነርጂ ያስሉ። 1.504 ያገኛሉ፣ ይህም የ1 ናኖሜትሩ ጉድጓድ E₂ ነው። የሰፊውን ጉድጓድ ሁለተኛ ሞገድ ሥዕል አጠገቡ አድርገው ቢመለከቱት፣ በትክክል መሃሉ ላይ ዜሮ ሆኖ ያገኙታል፤ እዚያ ነጥብ ላይ አዲስ ግድግዳ ቢቆም ሞገዱ ምንም አይሰማውም።